የሌላ ሰው የሕመም ፈቃድ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሰነድ መተርጎም የዘወትር ሥራዬ ነው። ውል፣ የልደት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ያልመጣ የለም። ከሁሉም አጭሩ የሕመም ፈቃድ ማስረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም፣ ክፍያውም ያው የአንድ ገጽ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የሰው ገመና ነው፣ ጠያቂው የሰውየው አለቃ ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ «ትክክለኛ ትርጉም ነው» ብሎ የሚፈርመው ተርጓሚው ነው። ከዚህ በታች የማወጋችሁ አንድ ጉዳይ ነው። ባለጉዳይዋ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እሷን ሊያሳውቁ የሚችሉትን ነገሮች፣ ቀኖቹን ጭምር፣ ለውጬአቸዋለሁ። የቀን ስሌቱ ግን የሚሠራ ነው፣ ልትከተሉት ትችላላችሁ።

ልጅቷ ለሥራ ውጭ አገር ሄዳ ሳለ ታማ እዚያው ታክማለች። መሥሪያ ቤቷ ደብዳቤውንም መዝገቡንም በአማርኛ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ የሐኪሙን ማስረጃ አስተርጉማ እንድታስገባ ተነገራት። እኔ ጋ የመጣችው ሁለት ወረቀት ይዛ ነው። አንዱ እንግሊዝኛው ኦሪጅናል ነው፤ ሌላው አንድ ቦታ በጥድፊያ አስተርጉማው፣ ካነበበችው በኋላ ግን ለማስገባት እጇ ያልታዘዘላት የአማርኛ ትርጉም።

«ጋሼ፣ ይህን ካስገባሁማ አለቀልኝ። ይቺን በሽታ የምትለዋን መስመር ብቻ ዘለው ይተርጉሙልኝ። ሌላው እንዳለ ይሁን።»

ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ግማሹ የታተመ ቅጽ፣ ግማሹ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ነው። ራስጌው ላይ የክሊኒኩ ስም፣ ከሥሩ «የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል» ይላል። ቀኑ 05/04/2024። ከዚያ በእጅ የተጻፉ አጫጭር መስመሮች ይከተላሉ፦ «ኤምዲዲ፣ ሞድ»፣ ቀጥሎ «አር/ኦ» ብሎ ባይፖላር፣ ጎኑ ላይ F32.1 የሚል ኮድ፣ ከታች «ሰርትራሊን 50 ሚ.ግ.»። ከዚያ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ በጤና ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ሥራ መሥራት እንደማትችል ይናገርና መጨረሻው ላይ «2/52» ይላል። የቀጠሮ ቀን 18/04/2024። ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ የሐኪሙ ስምና ሙያ ያለበት ቲተር።

የመጀመሪያው ትርጉም ይህን ሁሉ እንዲህ አድርጎ አጠቃሎታል፦ «ባለጉዳይዋ በ26/8/2016 ዓ.ም. ተመርምራ በከባድ የአእምሮ መታወክና በባይፖላር በሽታ ስለምትሠቃይ ለሥራ ብቁ አይደለችም። ቁጥር 2/52።»

ከሁለት መስመር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ይህን ያህል ጥፋት ማጨቅ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ እነዚህ ጥፋቶች በየጊዜው የምገናኛቸው ናቸው።

ከቀኑ ልጀምር። 05/04/2024 በአንዳንድ አገር አጻጻፍ ኤፕሪል 5 ነው፣ በሌላው ሜይ 4። የቀድሞው ተርጓሚ ወር ይቀድማል ብሎ ሜይ 4 አድርጎታል፤ ወደ እኛ ሲመለስ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ይሆናል። ልጅቷ ወረቀቶቹን ይዛ እኔ ጋ ስትመጣ ደግሞ ያ ቀን ገና አልደረሰም ነበር። ይህን ያስገባች ቢሆን ኖሮ የሰው ኃይል አስተዳደሩ የሚያየው ከቀረችባቸው ቀኖች ጋር የማይገጥም ማስረጃ ነው፤ ፎርጅድ ቢሏት አይፈረድባቸውም። መልሱ ግን እዚያው ወረቀት ላይ ተቀምጧል። የቀጠሮው ቀን 18/04/2024 ነው፤ 18ኛ ወር የለም፣ ስለዚህ ይህ ሐኪም ቀን አስቀድሞ ነው የሚጽፈው። የምርመራው ቀን ኤፕሪል 5 ነው ማለት ነው፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.። ቀን የሚያሻማ ሲሆን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አስሱት፤ ቁጥሩ ከ12 የሚበልጥ ሌላ ቀን ካገኛችሁ ችግሩ ተፈታ። ካላገኛችሁ ባለቤቱን ጠይቁ፣ በግምት አትለውጡ።

ቀኑን ስጽፍ ሁልጊዜ እንደ ኦሪጅናሉ 05/04/2024 ብዬ እተወውና «እ.ኤ.አ.» እጨምርበታለሁ። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የመለስኩትን በማዕዘን ቅንፍ፣ የተርጓሚ ማስታወሻ መሆኑን ገልጬ ከጎኑ አኖረዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ የጻፈውና እኔ ያሰላሁት አይደባለቁም፤ ስህተት ካለም የማን እንደሆነ ይታያል።

«2/52» የመዝገብ ቁጥር አይደለም። በእንግሊዝኛው የሕክምና አጻጻፍ ልማድ ከታች 7 ካለ ቀን፣ 52 ካለ ሳምንት፣ 12 ካለ ወር ነው። 3/7 ማለት ሦስት ቀን፣ 2/52 ሁለት ሳምንት፣ 1/12 አንድ ወር። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ ወይ ቀን ያደርገዋል፣ ወይ እንደዚህኛው ቁጥር ብሎ ያልፈዋል፤ የሕመም ፈቃዱ ዋና ነገር፣ የዕረፍቱ ርዝመት፣ ከትርጉሙ ይጠፋል። ስትተረጉሙት ደግሞ «ለሁለት ሳምንት» ብላችሁ ቁሙ። «14 የሥራ ቀን» አትበሉ፣ ሐኪሙ ያልጻፈውን የማብቂያ ቀንም ከራሳችሁ አትጨምሩ። እሑድና በዓል ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው የአሠሪውና የሠራተኛዋ ጉዳይ ነው።

«ኤምዲዲ» የድባቴ ሕመም ነው። በእንግሊዝኛ ሙሉ ስሙ ውስጥ «ሜጀር» የሚል ቃል አለ፤ የመጀመሪያው ተርጓሚ «ከባድ» ያለው እሱን ይዞ መሰለኝ። ቃሉ የበሽታው ስም አካል እንጂ የጠናበትን ደረጃ የሚናገር አይደለም። ደረጃውን የሚናገረው ቀጥሎ ያለው «ሞድ» ነው፣ መካከለኛ ማለት። ኮዱም ይህንኑ ያጸናል፤ F32.1 በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም መካከለኛ ደረጃ ያለው የድባቴ ክስተት ነው። «አር/ኦ» ደግሞ ሐኪሙ ሊያጣራውና ሊያስወግደው የሚፈልገው ጥርጣሬ ነው። ባይፖላር ተገኘባት አላለም፤ ባይፖላር አለመሆኑ ይጣራ ነው ያለው። ያልተረጋገጠ ጥርጣሬን እንደ ውጤት አድርጎ መተርጎም ሰው ላይ የሌለበትን በሽታ መለጠፍ ነው። ከቃሉ በፊት የጥያቄ ምልክት ብቻ የሚያደርጉ ሐኪሞችም አሉ፤ ያቺ ምልክት ትርጉሙ ውስጥ ከጠፋች ጉዳቱ ያው ነው።

በመጨረሻም «ለሥራ ብቁ አይደለችም»። ቃል በቃል ካየነው ከእንግሊዝኛው የራቀ አይደለም፤ አማርኛው ሲሰማ ግን ሥራውን አትችለውም፣ አትመጥንም እንደማለት ነው። ሐኪሙ የተናገረው ስለ ሁለት ሳምንት ጤንነቷ እንጂ ስለ ችሎታዋ አይደለም። እኔ «በጤና ምክንያት ለሁለት ሳምንት ሥራ መሥራት አትችልም» አልኩት።

ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ ፊቷ ትንሽ ፈካ አለ። ጥያቄዋን ግን አልረሳችም። «እሺ፣ ይቺን መስመርስ?»

እዚህ ጋ ብዙ ተርጓሚ ይሳሳታል፤ ከክፋት ሳይሆን ከደግነት። በትርጉሙ ግርጌ የምንፈርምባት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ይህ ትርጉም ከዋናው ሰነድ ጋር የተመሳከረና የተሟላ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» የበሽታውን መስመር ሹልክ አድርጌ ባወጣት፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ትሆናለች። «ድባቴ» የሚለውን «ድካም» ወይም «ራስ ምታት» ብል ደግሞ ባሰ፤ ያኔ የሐኪም ማስረጃ ቀይሬአለሁ። ነገሩ ከታወቀም መጀመሪያ የምትጎዳው እሷ ናት፤ እውነተኛ የነበረው ሕመሟ ተጠርጣሪ ይሆናል፣ የእኔን ስም ተከትሎ የእሷም ይነሳል።

ከዚያም በላይ መስመሯን ማውጣት የፈለገችውን አያስገኝላትም ነበር። ወረቀቱን እንደገና ሰጠኋትና «አንቺ አለቃዋ ነሽ እንበል፤ የበሽታው ስም ባይኖር ከዚህ ወረቀት ሕመሟን ማወቅ ትችያለሽ?» አልኳት። ትንሽ አየችውና ጣቷን ራስጌው ላይ አሳረፈች። «የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል» ይላል። ቀጥሎ ኮዱን አሳየኋት፤ ስልክ ያለው ሰው F32.1 ብሎ ከፈለገ ወዲያው መልሱን ያገኛል። ቀጥሎ መድኃኒቱን፤ ሰርትራሊን ለምን እንደሚታዘዝ ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ይናገራል። ቀጥሎ የሐኪሙን ቲተር፤ ከስሙ ሥር «የአእምሮ ሐኪም» ይላል። የቀጠሮ ካርድ ስቴፕል ተደርጎ ቢሆን እሱም ይጨመር ነበር። አንድ መስመር በመዝለል የሚጠበቅ ምስጢር አይደለም። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ሲመጣላችሁ ይህን ፍተሻ ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ አድርጉ፦ ራስጌ፣ የበሽታ ስም፣ ኮድ፣ መድኃኒት፣ ማኅተምና ቲተር። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚያየው።

መፍትሔው ከትርጉሙ በፊት ነው ያለው። አሠሪው ለሕመም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሠራተኛው መታመሙን ሐኪም ማረጋገጡና ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ መሆኑ ነው። ጀርመን ውስጥ የበሽታው ኮድ የሚሰፍረው ለጤና መድኑ በሚሄደው ላይ ነው፤ ለአሠሪው የሚሰጠው ላይ የለም። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ የበሽታውን ስም በትክክል መጥቀስ ሕመምተኛውን በአሠሪው ዘንድ ይጎዳዋል ብሎ ሐኪሙ ካመነ፣ ጠቅለል ባለ አገላለጽ እንዲጽፍ መመሪያው ይፈቅድለታል። ልብ በሉ፣ ጠቅለል ማድረግ የሚችለው ሐኪሙ ነው። እኔ አልችልም። ስለዚህ የበሽታ ስም የሌለበት ማስረጃ ከፈለጋችሁ የሚጻፈው በሐኪሙ እጅ ነው፤ ተርጓሚው ያንን ንጹህ ወረቀት ሳይጨምር ሳይቀንስ ይተረጉማል። ታማኝነቱም ምስጢሩም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

እናም ባለጉዳይዋ ለክሊኒኩ ኢሜይል ጻፈች። እንዲህ ነበር ያለችው፦ ለአሠሪዬ የማቀርበው ሌላ ማስረጃ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። የተመረመርኩበት ቀን፣ ሥራ መሥራት የማልችልበት ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን በወር ስም ተጽፎ ይግለጽ። የበሽታ ስም፣ ኮድ፣ መድኃኒትና የሕክምና ክፍል ስም አይጠቀስ። የተቋሙ አጠቃላይ ራስጌና ማኅተም ይደረግበት፤ ከሐኪሙ ስም ጋር የፈቃድ ቁጥሩ ይበቃል።

«በወር ስም» የምትለዋን እኔ ነኝ ያስጨመርኳት። ወሩ በፊደል ከተጻፈ ያ የ05/04 ጣጣ አይኖርም። የቲተሩንም ነገር ካልጠቀሳችሁ ሁሉ ጸድቶ ሲመጣ ማኅተሙ ላይ የሐኪሙ ሙያ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ክሊኒኩ ጠየቃት፣ ማንነቷን አረጋገጠ፣ ጻፈላት። አዲሱ ወረቀት አጭር ነው። ባለጉዳይዋ ኤፕሪል 5 ቀን 2024 መመርመሯን፣ ከኤፕሪል 5 እስከ ኤፕሪል 18 ቀን 2024፣ ሁለቱንም ቀኖች ጨምሮ፣ በጤና ምክንያት ሥራ መሥራት እንደማትችል ይገልጻል። የተጻፈበት ቀን ግን ኤፕሪል 22 ነው። ይህ ትክክል ነው፤ በኋላ የተጻፈ ማስረጃ የተጻፈበትን ቀን ነው መያዝ ያለበት። ልጅቷ «ቀኑን የዱሮውን አድርጉልኝ ልበላቸው እንዴ?» ብላኝ ነበር። እንዳታደርጊው አልኳት፤ ቀን ወደ ኋላ መጻፍ እውነተኛውን ወረቀት ሐሰተኛ ያደርገዋል፣ ክሊኒኩም እሺ አይልም።

ተረጎምኩት። ከመጋቢት 27 እስከ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሁለቱንም ቀኖች ጨምሮ፤ የተጻፈበት ሚያዝያ 14። «ሁለቱንም ጨምሮ» የምትለዋን ቃል አትጣሏት፤ ካልተጻፈች ሚያዝያ 10 ሥራ መግባት ነበረባት አልነበረባትም ብሎ ክርክር ይነሳል። ማኅተሙን «ክብ ማኅተም፦» ብዬ በውስጡ የተነበበውን ጻፍኩ፤ ፊርማውን «ፊርማ አለው» አልኩ። የማይነበብ ነገር ቢኖር «የማይነበብ» እላለሁ እንጂ ገምቼ አልሞላም።

ክሊኒኩ እምቢ ቢል ኖሮስ? ወይም ክሊኒኩ ተዘግቶ ቢሆን? ያኔ የቀረው መንገድ ከፊል ትርጉም ነው። በግልጽ «ከፊል ትርጉም» ተብሎ ርዕሱ ላይ ይጻፋል፤ የተዘለለው ቦታ ሁሉ «በባለቤቱ ጥያቄ ያልተተረጎመ» ተብሎ በማዕዘን ቅንፍ ይታያል፤ ማረጋገጫውም «የተሟላ» የሚለውን ትቶ «የተተረጎሙት ክፍሎች ትክክለኛ ናቸው» ይላል። ከትርጉሙ ጋር የሚያያዘው የኦሪጅናል ኮፒም በዚያው ልክ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ አማርኛው የደበቀውን እንግሊዝኛው ይናገራል። ይህን መንገድ ብዙም አልወደውም። ክፍት ቅንፍ ያየ አለቃ «ምን ደብቃ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ባዶው ቦታ ራሱ ወሬ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ሐኪም ካለው ሙሉ ትርጉሙ በታሸገ ፖስታ ለሐኪሙ ብቻ ተጽፎበት ቢሄድ ይሻላል። ሐኪሙም ያው በሙያው ምስጢር የሚጠብቅ ነውና ለአስተዳደሩ የሚያሳውቀው «ፈቃዱ ተገቢ ነው» የሚለውን ብቻ ይሆናል።

ኮፒ ስትሸፍኑ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ጥቁር ሳጥን መለጠፍ አይበቃም። ፒዲኤፍ ላይ ከሳጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንዳለ ነው። ሳጥኑ ባለበት ቦታ በማውስ ምረጡና ኮፒ አድርጋችሁ ባዶ ሰነድ ላይ ለጥፉት፤ ቃሉ ከወጣ አልተሸፈነም። እኔ የማደርገው ወረቀቱን ፕሪንት አድርጌ፣ ቦታውን ወፍራም ወረቀት ሸፍኜ፣ እንደገና ስካን ማድረግ ነው። በማርከር ብቻ የተቀባም ብርሃን ላይ ሲያዝ ይነበባል።

ሁሉ አለቀ ብዬ ሳለ ስልክ ተደወለ። ስሜና ቁጥሬ በትርጉሙ ግርጌ ስላለ ከልጅቷ መሥሪያ ቤት ነው የደወሉት።

«ወንድሜ፣ ይህን የሕመም ፈቃድ የተረጎምከው አንተ ነህ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን የትርጉም ቁጥር ይንገሩኝ።» ነገረኝ፣ መዝገቤ ላይ አየሁ። «አዎ፣ የእኔ ነው፤ ገጹ አንድ ነው፣ የፈረምኩበት ነው።»

«ዕረፍቱ መጋቢት 27 ጀምሮ ወረቀቱ ሚያዝያ 14 ነው የተጻፈው። ይሄ እንዴት ነው?»

«እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ማስረጃውን የሰጠው ተቋም ነው፤ አድራሻው ራስጌው ላይ አለ።»

ትንሽ ዝም አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በመሀላችን ይቅር፣ ምንድን ነው ያመማት? አንተ ሳታየው አትቀርም።»

«ከተጻፈው ውጪ የምለው የለኝም» አልኩት።

«ኧረ ከባድ ነገር ካልሆነ አይሆንም በለኝና ልተወው።»

ከሁሉም የሚያጠምደው ይህ ነው። «ኧረ ቀላል ነገር ነው» ማለት ያምራል፤ ልጅቷን የረዳችኋት ይመስላችኋል። ግን «ቀላል ነው» ያለ ሰው ማየቱን ተናግሯል፤ ነገ ስለሌላ ሠራተኛ ሲጠየቅ ዝም ካለ ደግሞ ዝምታው «ከባድ ነው» ማለት ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም፣ ጉንፋንም ቢሆን፣ አንድ መልስ ነው የምሰጠው፦ ትርጉሙ የእኔ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ስለ ይዘቱ አላወራም። ደግሜ ነገርኩትና በጨዋ ቃል ተሰነባበትን። ወዲያው ለልጅቷ ደውዬ ምን እንደተጠየቅኩና ምን እንደመለስኩ ነገርኳት፤ በማግስቱ ቢሮ ስትገባ በማታውቀው ነገር እንዳትደናገጥ። እሷም ክሊኒኩ ለአሠሪዋ የወረቀቱን እውነተኛነት ብቻ እንዲያረጋግጥ በጽሑፍ ፈቀደች። ክሊኒኩ አረጋገጠ፣ ፈቃዱ ጸደቀ።

አሠሪው ራሱ የሠራተኛውን ወረቀት ይዞ መጥቶ «ተርጉምልን፣ እኛ እንከፍላለን» የሚልበትም ጊዜ አለ። ያኔ የምጠይቀው የሠራተኛውን የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ወንድም፣ ባል ወይም እናት ይዘው ሲመጡም እንዲሁ። ባለቤቱ ምን ያህሉን ለቤተሰቡ እንደነገረ እኔ አላውቅም፤ «ወንድሜ ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚለው ቃል ስንቱን ቤት እንዳመሰ ግን አይቻለሁ።

ከትርጉሙ ይልቅ ምስጢር የሚያፈስሱት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የፋይሉን ስም በባለጉዳይዋ ስምና በበሽታው አትሰይሙ፤ የትርጉም ቁጥር ይበቃል። ደረሰኝ ላይ «የሕክምና ሰነድ፣ 1 ገጽ» በቂ ነው። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ አልነበብ ብሎኝ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ስጠይቅ ያቺን ቃል ብቻ ነው ፎቶ የማነሳው፣ ስሙም ራስጌውም ሳይገባ፤ ሙሉውን ገጽ ተርጓሚዎች የሚበዙበት ግሩፕ ላይ «እርዱኝ» ብሎ የለጠፈ ሰው ስላየሁ ነው ይህን የማነሳው። የትርጉም ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የተረጎማችሁትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በማስታወሻው ይይዛል፤ ያንን ማስታወሻ ለሌላ ተርጓሚ ስትሰጡ የልጅቷ ስምና ሕመም አብሮ ይሄዳል። ለሕክምና ሰነድ የማስታወሻውን ምዝገባ አጠፋዋለሁ፣ ወይም ስሙን በኮከብ ተክቼ እሠራና መጨረሻ ላይ እመልሰዋለሁ።

የቀድሞውን፣ የተበላሸውን ትርጉም ልጅቷ እኔ ጋ ትታው ልትሄድ ነበር። መለስኩላት። የሠራው ሰው ጋ ሄዳ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይል በፊቷ እንዲያጠፋው፣ ከፍላሹም ከላከበት ቴሌግራምም ጭምር፣ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ሄደች፤ ፋይሉ ዴስክቶፑ ላይ በሙሉ ስሟ ተቀምጦ ነበር አለችኝ።